የራውተር ፈርምዌር ማዘመን

የራውተር ፈርምዌር ማዘመን ማለት በራውተር ውስጥ የሚሠራውን ሶፍትዌር አምራቹ ባወጣው አዲስ ስሪት መተካት ነው። ፈርምዌር በራውተሩ ፍላሽ ማህደረ ትውስታ ላይ ተቀምጦ መሳሪያው ሲበራ የሚነሳ፣ ከዚያም መሳሪያውን የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር ነው። በቤትና በአነስተኛ ቢሮ ራውተሮች ላይ ይህ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚከናወነው በብራውዘር በሚከፈተው የራውተሩ የአስተዳዳሪ ገጽ በኩል ነው።

ማዘመን በዋናነት የሚያስፈልገው በፈርምዌሩ ውስጥ የተገኙ የደህንነት ክፍተቶችን ለመድፈን ነው። ራውተር በኢንተርኔትና በቤት ውስጥ ኔትወርክ መካከል የቆመ መሳሪያ በመሆኑ፣ በእሱ ላይ የሠለጠነ አጥቂ ከጀርባው ያሉትን ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ይጎራበታል። ጠንካራ የይለፍ ቃል ብቻውን ይህን አደጋ እንደማይከላከል በ2023 እ.ኤ.አ. በአንድ የታወቀ የቤት ራውተር ላይ የደረሰው ጥቃት በግልጽ አሳይቷል።

## የፈርምዌር ይዘት

የቤት ራውተር በውስጡ ፕሮሰሰር፣ ማህደረ ትውስታና ስርዓተ ክወና ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በብዙ ራውተሮች ላይ ስርዓተ ክወናው ሊኑክስ ነው። በላዩም ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ይሠራሉ። አንዱ ለስልኮችና ለኮምፒውተሮች አድራሻ ያድላል፤ ሌላው የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚያስተረጉሙ ጥያቄዎችን ያስተላልፋል፤ ሌላው ከውጭ የሚመጣውን ያልተጠየቀ ግንኙነት የሚያግደውን ፋየርዎል ይቆጣጠራል፤ ሌላው ደግሞ የአስተዳዳሪ ገጹን የሚያቀርብ ትንሽ የድር ሰርቨር ነው። እነዚህ ሁሉ ተጠቅልለው በአንድ ፋይል ይወጣሉ። ፈርምዌር የሚባለውም ይህ ጥቅል ነው።

ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ የስልክ አፕሊኬሽን አንድ በአንድ እንደሚዘምነው የራውተሩ ፕሮግራሞች በየግላቸው አይዘምኑም። የአስተዳዳሪ ገጹ ብቻ ስህተት ቢኖርበትም የሚተካው ጥቅሉ በሙሉ ነው። ሁለተኛው፣ ጥቅሉ የሚዘጋጀው ለአንድ የተወሰነ ሃርድዌር ነው። ለአንዱ ሞዴል የተሠራው ለሌላው አይሆንም፤ የአንድ ሞዴል ሁለት የሃርድዌር ስሪቶች እንኳን የየራሳቸው ፋይል ሊኖራቸው ይችላል።

## ከክፍተት ወደ ጥቃት፦ የአርቸር ኤኤክስ21 ጉዳይ

ቲፒ-ሊንክ የሚያመርተው አርቸር ኤኤክስ21 የተባለው ራውተር ለቤት የሚሆን የዋይፋይ 6 መሳሪያ ነው። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ በተካሄደው ፖውንቱኦውን የተባለ የደህንነት ተመራማሪዎች ውድድር ላይ፣ ተወዳዳሪዎች በዚህ ራውተር ፈርምዌር ውስጥ ያገኙትን ክፍተት አሳዩ። ክፍተቱ በኋላ `CVE-2023-1389` የሚል የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶታል።

ስህተቱ የነበረው በራሱ በአስተዳዳሪ ገጹ ውስጥ ነው። ገጹ ቋንቋና አገር ለመምረጥ የሚያገለግል ክፍል አለው። ከብራውዘሩ የሚላከው የአገር ስም ወደ ራውተሩ ሲደርስ፣ ፕሮግራሙ ጽሑፉ በእርግጥ የአገር ስም መሆኑን ሳያጣራ ወደ ስርዓተ ክወናው ትእዛዝ ውስጥ ያስገባው ነበር። ስለዚህ በአገር ስም ቦታ ትእዛዝ ጽፎ የላከ ሰው ራውተሩ ያንኑ ትእዛዝ እንዲፈጽም ማድረግ ይችል ነበር። ትእዛዙ የሚፈጸመው ደግሞ በሩት ሥልጣን፣ ማለትም በመሳሪያው ላይ ያለገደብ ሁሉን ማድረግ በሚያስችለው ሥልጣን ነበር።

ይህን ክፍተት ከባድ ያደረገው የይለፍ ቃል የማይጠይቅ መሆኑ ነው። የአገር መምረጫው ተጠቃሚው ወደ ገጹ ሳይገባም መልስ ይሰጥ ስለነበር፣ ባለቤቱ ያወጣው የይለፍ ቃል ረጅምም ሆነ አጭር ለውጥ አልነበረውም። በውድድሩ ላይ አንደኛው ቡድን ክፍተቱን ከቤት ውስጥ ኔትወርክ በኩል ተጠቀመበት። ሌላው ቡድን ግን ከኢንተርኔት በኩል መግባት ቻለ። ይህ ቡድን ራውተሩ የፋየርዎል ደንቦቹን በሚይዝበት መንገድ ላይ ሌላ ስህተት አግኝቶ ነበር። በዚያ ስህተት ምክንያት ለውስጥ ብቻ የተፈቀደው አገልግሎት ለአጭር ቅጽበት ለውጭም ክፍት ይሆን ነበር።

ቲፒ-ሊንክ ክፍተቱን የሚደፍነውን ፈርምዌር በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. አወጣ። በክፍተቱ መዝገብ ላይ ተጋላጭ ተብለው የተገለጹት ከ`1.1.4 Build 20230219` በፊት ያሉት ስሪቶች ናቸው። በሚያዝያ 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ መድኃኒቱ ከወጣ አንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ተቋም አጥቂዎች ክፍተቱን መጠቀም መጀመራቸውን ተመለከተ። በመጀመሪያ የተጠቁት በምሥራቅ አውሮፓ ያሉ መሳሪያዎች ሲሆኑ፣ ጥቃቱ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌሎች የዓለም ክፍሎች ተዛመተ። በግንቦት 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሳይበርና የመሠረተ ልማት ደህንነት ኤጀንሲ ክፍተቱን በተግባር ጥቃት እየተፈጸመባቸው ባሉ ክፍተቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

በተጠቁት ራውተሮች ላይ የተጫነው ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ነው። ሚራይ የሚይዛቸውን መሳሪያዎች ከአንድ ማዕከል ትእዛዝ የሚቀበል ሠራዊት ያደርጋቸዋል። እንዲህ ያለው ስብስብ ቦትኔት ይባላል። ቦትኔቱ ሁሉም መሳሪያዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር ብዙ መልእክት እንዲልኩ በማዘዝ ሰርቨሩን ከአገልግሎት ውጭ ያደርጋል። ሚራይ በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲታወቅ የሚገባው ከፋብሪካ የወጡና ያልተቀየሩ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነበር። የኋለኞቹ ዝርያዎቹ ግን እንደ አርቸር ኤኤክስ21 ያሉ የፈርምዌር ክፍተቶችን ጨመሩበት። ስለዚህ የይለፍ ቃል መቀየር የመጀመሪያውን መንገድ ሲዘጋ፣ ሁለተኛውን የሚዘጋው ፈርምዌር ማዘመን ብቻ ነው።

## መድኃኒቱ ከወጣ በኋላ አደጋው ለምን ይጨምራል

አምራቹ አዲስ ፈርምዌር ሲያወጣ ክፍተቱም አብሮ ይገለጣል። ማንም ሰው አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አውርዶ ማወዳደር ይችላል። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ቦታ ስህተቱ የት እንደነበር ያሳያል። ብዙ ጊዜም ተመራማሪዎች መድኃኒቱ ከወጣ በኋላ የክፍተቱን ዝርዝር ያሳትማሉ። ስለሆነም መድኃኒቱ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ሰዎች ብቻ ያውቁት የነበረው ክፍተት፣ ከወጣ በኋላ የብዙዎች እውቀት ይሆናል። ያላዘመነ ራውተር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበፊቱ ይበልጥ ይጋለጣል።

አደጋው በጥቂት ወራትም አያበቃም። አጥቂዎች ኢንተርኔትን የሚያስሱት በራስ ሰር ፕሮግራም ስለሆነ፣ አንድን ክፍተት ለዓመታት መሞከር ብዙ ወጪ አያስከትልባቸውም። የአርቸር ኤኤክስ21 ክፍተት መድኃኒቱ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ.፣ በርካታ ቦትኔቶች አሁንም እየተጠቀሙበት እንደነበር ፎርቲኔት የተባለው የደህንነት ኩባንያ ዘግቧል። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካቶ ኔትወርክስ የተባለ ኩባንያ በዚሁ ክፍተት የሚዛመት ባሊስታ የሚባል አዲስ ቦትኔት ማግኘቱን አስታወቀ። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ከወጣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር።

## ከማዘመን በፊት

የአስተዳዳሪ ገጹን ለመክፈት የራውተሩ የውስጥ አድራሻ መታወቅ አለበት። አድራሻው ብዙውን ጊዜ በራውተሩ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በአርቸር ኤኤክስ21 ላይ `tplinkwifi.net` ወይም `192.168.0.1` ነው። ወረቀቱ ከተላጠ ወይም አድራሻው ከተቀየረ፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የትእዛዝ መስኮት ተከፍቶ የሚከተለው ይጻፋል፦

```
ipconfig
```

ከሚወጣው ጽሑፍ ውስጥ `Default Gateway` ከሚለው ፊት ለፊት ያለው ቁጥር የራውተሩ አድራሻ ነው። ይህ ቁጥር በብራውዘሩ የአድራሻ ቦታ ላይ ሲጻፍ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ይከፈታል። የሚጠየቀው የራውተሩ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል እንጂ ዋይፋይ ለመግባት የሚያገለግለው አይደለም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

ወደ ገጹ ከተገባ በኋላ ሁለት ነገሮች ይመዘገባሉ። አንደኛው አሁን ያለው የፈርምዌር ስሪት ነው። በቲፒ-ሊንክ ራውተሮች ላይ ስሪቱ `Build` ከሚለው ቃል ቀጥሎ ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥር ይይዛል። ይህ ቁጥር ፈርምዌሩ የተዘጋጀበት ቀን ነው፤ መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ወሩ፣ በመጨረሻም ቀኑ ይጻፋል። `20230219` የካቲት 19 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። ለምሳሌ አንድ አርቸር ኤኤክስ21 ላይ `Build 20220603` የሚል ቢነበብ፣ ፈርምዌሩ የተዘጋጀው ከመድኃኒቱ ስምንት ወር ያህል ቀደም ብሎ መሆኑን ያለ ሌላ ምርመራ ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛው የሃርድዌር ስሪት ነው። ይህም በራውተሩ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ከሞዴሉ ስም አጠገብ `Ver` ከሚል ምህጻረ ቃል ጋር ይገኛል። አርቸር ኤኤክስ21 በተለያዩ የሃርድዌር ስሪቶች ተሽጧል፤ በአምራቹ ድረ ገጽ ላይም ለእያንዳንዱ የተለየ የፋይል ዝርዝር አለ። ከሞዴሉ ስም ቀጥሎ በቅንፍ የሚጻፍ እንደ `US` ወይም `EU` ያለ የአካባቢ ምልክትም ይኖራል። የሚወርደው ፋይል ከሞዴሉ፣ ከሃርድዌር ስሪቱና ከአካባቢው ምልክት ጋር መስማማት አለበት።

ከዚህ በኋላ የራውተሩ ቅንብር መጠባበቂያ ቅጂ ይቀመጣል። አንዳንድ ዝማኔዎች ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብር ይመልሱታል። በዚህ ጊዜ የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል፣ እንዲሁም አገልግሎት ሰጪው ለግንኙነት የሰጠው የተጠቃሚ ስምና ሚስጥር ይጠፋሉ። በቲፒ-ሊንክ ገጽ ላይ ቅጂው `Backup & Restore` ከሚለው ክፍል ይወርዳል። ይሁንና በአዲሱ ፈርምዌር ላይ አሮጌው ቅጂ ላይሠራ ስለሚችል፣ ከአገልግሎት ሰጪው የተገኘውን የግንኙነት መረጃ በወረቀት ላይ መጻፍ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

## በአስተዳዳሪ ገጽ የማዘመን ሂደት

ማዘመኛው በአርቸር ኤኤክስ21 ላይ `Advanced`፣ ቀጥሎ `System`፣ ከዚያም `Firmware Upgrade` በሚሉ ምርጫዎች ይገኛል። በሌሎች አምራቾች ገጽ ላይ `Administration` ወይም `Maintenance` በሚል ርዕስ ሥር ሊሆን ይችላል። ገጹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መንገዶችን ያቀርባል።

የመጀመሪያው ራውተሩ ራሱ ከአምራቹ ሰርቨር የሚያዘምንበት ነው። `Check for Updates` የሚለው ሲጫን ራውተሩ አዲስ ስሪት መኖሩን ይጠይቃል፤ ካለም በተጠቃሚው ፈቃድ አውርዶ ይጭነዋል። በዚህ መንገድ የተሳሳተ ፋይል የመምረጥ ስጋት አይኖርም። ሆኖም አዲስ ስሪት የለም የሚለው መልስ ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም። አምራቾች አንዳንድ ጊዜ ፋይሉን በድረ ገጻቸው ላይ አውጥተው ለራውተሮቹ የሚያደርሱት ቆይተው ነው። በገጹ ላይ የሚታየው የ`Build` ቀን ከአንድ ዓመት በላይ ያለፈው ከሆነ የአምራቹን ድረ ገጽ ማየት ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ፋይሉን በኮምፒውተር አውርዶ በእጅ መጫን ነው። ፋይሉ የሚወሰደው ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ነው። በመድረኮችና በፋይል ማጋሪያ ገጾች ላይ የሚገኙ ፋይሎች የተነካኩ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚወርደው ብዙውን ጊዜ የታመቀ የ`zip` ፋይል ሲሆን፣ ከተከፈተ በኋላ በውስጡ በ`.bin` የሚያበቃ ፋይል ይገኛል። ወደ ራውተሩ የሚጫነው ይህ የውስጠኛው ፋይል ነው። የታመቀው ፋይል እንዳለ ከተመረጠ ራውተሩ የፋይል ስህተት መኖሩን ገልጾ ይመልሰዋል። በቲፒ-ሊንክ ራውተሮች ላይ የቅንብር መጠባበቂያውም በ`.bin` ሊያበቃ ስለሚችል ሁለቱን በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ስህተትን ይቀንሳል።

በእጅ በሚጫንበት ጊዜ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ኬብል መገናኘት አለበት። በዋይፋይ ከሆነ ፋይሉ ተልኮ ሳያልቅ ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። ፋይሉ ተመርጦ `Upgrade` ከተጫነ በኋላ ራውተሩ ፋይሉን ይፈትሻል፣ በፍላሽ ማህደረ ትውስታው ላይ ይጽፋል፣ በመጨረሻም ራሱን ያስነሳል። ይህ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ መብራቶቹም ብልጭ ድርግም ይላሉ። ራውተሩ የተበላሸ መስሎ ቢታይም መንቀል አያስፈልግም።

አሳሳቢው የመጻፉ ጊዜ ነው። አሮጌው ፈርምዌር ተሰርዞ አዲሱ ገና ተጽፎ ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ፣ ራውተሩ ሲበራ የሚያነሳው ሙሉ ሶፍትዌር ላያገኝ ይችላል። መብራት በየጊዜው በሚቆራረጥበት አካባቢ ራውተሩን በባትሪ ከሚሠራ የኃይል መጠባበቂያ ጋር ማያያዝ፣ ያ ከሌለ ደግሞ መብራቱ ብዙ ጊዜ በማይጠፋበት ሰዓት ማከናወን አደጋውን ይቀንሳል። አንዳንድ ራውተሮች የፈርምዌሩን ሁለት ቅጂ ይይዛሉ፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው ይነሳሉ። ርካሽ ሞዴሎች ግን ይህ ላይኖራቸው ይችላል።

## ከዘመነ በኋላ

ራውተሩ ከተነሳ በኋላ ተጠቃሚው እንደገና ወደ አስተዳዳሪ ገጹ ገብቶ የፈርምዌር ስሪቱን ያያል። ቀድሞ ከተመዘገበው የተለየና ከወረደው ፋይል ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ስሪቱ አልተለወጠም ማለት ራውተሩ ፋይሉን አልተቀበለም ማለት ነው፤ ኢንተርኔት መሥራቱ ብቻ መዘመኑን አያረጋግጥም። አሮጌው ስሪት መልሶ ቢታይ ግን ብራውዘሩ ያስቀመጠውን የቀድሞ ገጽ እያሳየ ሊሆን ስለሚችል፣ ገጹ እንደገና ተጭኖ መታየት ይኖርበታል።

ቀጥሎ ቅንብሩ እንዳለ መኖሩ ይታያል። በተለይ ራውተሩ ወደ ፋብሪካ ቅንብር ከተመለሰ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ወዲያውኑ ይቀየራል። ራውተሩን ከኢንተርኔት በኩል ማስተዳደር የሚያስችለው ምርጫም መዘጋቱ ይረጋገጣል። ይህ ምርጫ በብዙ ገጾች ላይ `Remote Management` ይባላል። በመጨረሻም ገጹ የሚፈቅድ ከሆነ ራውተሩ ወደፊት በራሱ እንዲዘምን የሚያደርገው ምርጫ ይበራል፤ ሰዓቱም ሰው በማይጠቀምበት የሌሊት ክፍል ላይ ይደረጋል።

## የሚያጋጥሙ ችግሮች

ከተለመዱት ችግሮች ቀላሉ ፋይሉ አለመቀበሉ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሃርድዌር ስሪቱ መለየት፣ የታመቀው ፋይል አለመከፈቱ ወይም ፋይሉ ሳያልቅ የወረደ መሆኑ ነው። ራውተሩ ፋይሉን የመለሰው ከመጻፉ በፊት ስለሆነ ጉዳት አይደርስበትም። ትክክለኛውን ፋይል እንደገና አውርዶ መሞከር ይበቃል።

ከባዱ ችግር መጻፉ መሃል ላይ የተቋረጠበት ነው። ይህ የደረሰበት ራውተር የኃይል መብራቱ ቢበራም ዋይፋዩ አይታይም፤ የአስተዳዳሪ ገጹም አይከፈትም። አንዳንዱም በየጥቂት ሰከንዱ እየጠፋ ይነሳል። እንዲህ ሲሆን ራውተሩን የነካው ማናቸውም ነገር ከመወሰኑ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይመረጣል፤ ቀርፋፋ ዝማኔም ተመሳሳይ ሊመስል ይችላልና። ካልተነሳ፣ አንዳንድ ሞዴሎች የ`Reset` ቁልፉ ተጭኖ እንዳለ ኃይሉ ሲበራ የሚከፈት የማዳኛ ገጽ አላቸው። በዚያ ገጽ በኩል ፈርምዌሩ እንደገና ሊጫን ይችላል። አሠራሩ በየሞዴሉ ስለሚለያይ የሚከተለው የአምራቹን መመሪያ ነው።

## ማዘመን የማይፈታቸው ሁኔታዎች

ክፍተትን መድፈንና ቀድሞ የገባን ጎጂ ሶፍትዌር ማስወጣት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሚራይ በአብዛኛው የሚኖረው በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ውስጥ በመሆኑ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ይጠፋል። ነገር ግን ክፍተቱ እስካልተደፈነ ድረስ ራውተሩ በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ሌሎች ግን በቀላሉ አይለቁም። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. የሲስኮ ታሎስ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ቪፒኤንፊልተር ቢያንስ 54 አገሮች ውስጥ ቢያንስ 500,000 መሳሪያዎችን ይዞ ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍሉም ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አይጠፋም ነበር። ስለዚህ ተይዟል ተብሎ የሚጠረጠር ራውተር መጀመሪያ ወደ ፋብሪካ ቅንብር ይመለሳል፣ ከዚያ ይዘምናል፣ በመጨረሻም የይለፍ ቃሎቹ ይቀየራሉ። ቅንብሩም ከአሮጌው መጠባበቂያ ሳይሆን በእጅ እንደ አዲስ ይሞላል፤ አጥቂው የለወጠው ነገር በመጠባበቂያው ውስጥ ሊኖር ይችላልና። ፈርምዌሩንም በዚያው ራውተር ከማውረድ ይልቅ በስልክ ዳታ ማውረድ ይመረጣል፤ ምክንያቱም የተያዘ ራውተር የአምራቹን ድረ ገጽ ወደፈለገ ተጠቃሚ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራው ይችላል።

ሁለተኛው ሁኔታ አምራቹ ድጋፍ ያቆመለት ራውተር ነው። ለእንዲህ ያለው ሞዴል አዲስ ክፍተት ቢገኝም መድኃኒት አይወጣም። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በጥር 2024 እ.ኤ.አ. መፍረሱን ያስታወቀው የኬቪ ቦትኔት በአብዛኛው የተገነባው ድጋፋቸው ካበቃ የሲስኮና የኔትጊር ራውተሮች ነበር። እነዚህን ራውተሮች ባለቤቶቻቸው ማዘመን ቢፈልጉም የሚጫን አዲስ ፈርምዌር አልነበረም። በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ሞዴሉ `End of Life` ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ፣ የቀረው መፍትሔ መሳሪያውን መለወጥ ነው።

ሦስተኛው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ያቀረበው ራውተር ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች ብዙ ቤቶች መደበኛ መስመር ሲያስገቡ ራውተሩ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ይመጣል። በእንዲህ ያለው ራውተር ላይ ያለው ፈርምዌር ብዙ ጊዜ ለአገልግሎት ሰጪው ተለይቶ የተዘጋጀ ነው፤ ዝማኔውንም የሚልከው አገልግሎት ሰጪው ራሱ በርቀት ነው። የማዘመኛው ምርጫ ከአስተዳዳሪ ገጹ ላይ የተሰወረበት ጊዜም አለ። ከአምራቹ ድረ ገጽ የወረደ አጠቃላይ ፈርምዌር ቢጫንበት ከመስመሩ ጋር የሚያገናኘው ቅንብር ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ራውተር ባለቤት የፈርምዌሩን ስሪትና ቀን ከገጹ ላይ አንብቦ ለአገልግሎት ሰጪው የደንበኞች ክፍል በማቅረብ አዲስ ስሪት መኖሩን ይጠይቃል። አገልግሎት ሰጪው ካላዘመነውና ስሪቱ በታወቀ ክፍተት ውስጥ ከሆነ፣ ከዚያ ራውተር ቀጥሎ የራስን ራውተር አስገብቶ ስልኮችንና ኮምፒውተሮችን ከእሱ ጋር ብቻ ማገናኘት በሁለቱ መካከል ተጨማሪ ፋየርዎል ያስቀምጣል።